ሰላምታው የተሰረዘበት ደብዳቤ

ወረታ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ጓድ ሸዋዓለም፣ ለጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣ ለመመሪያ ሁሉ አመንጪና ለቀዩ እስክሪብቶ ባለቤት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ያ ክፉ ጉንፋን ለቀቀዎ ወይ? ቤተሰቡ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደኅና ነኝ እንዳልል፣ በእርስዎና በእኔ ጠረጴዛ መካከል ያለው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ውሸት ይሆንብኛል። ይህን ሰላምታ ሲያነቡ እጅዎ ወደ ደረት ኪስዎ መሄዱ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን ወረቀቱን የለጠፍሁት ከማስታወቂያ ሰሌዳው መስተዋት በስተጀርባ ነውና ለመሰረዝ አይመችም፤ እንደ ምንም ታግሠው ይዝለቁት።

ያለ ፈቃድ ሥራ ጥዬ ወደ አንበሳሜ በመሄዴ በቅዳሜው ስብሰባ ግለ ሂስ እንዳቀርብ ባዘዙኝ መሠረት እነሆ አቅርቤአለሁ። ግለ ሂስ ማለት ሰው ጥፋቱን በራሱ አፍ በሕዝብ ፊት የሚያወጣበት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ አዳራሹ ከሚይዘው ሰው ይልቅ ገበያ የሚወጣው ሕዝብ ይበዛል ብዬ ከአዳራሹ ውጭ ለጠፍሁት። ጥፋቴን ለብቻው ልጽፈው ብቀመጥ በየመሥመሩ የእርስዎ መልካም አመራር እየገባ አስቸገረኝ፤ ለይቼ እንዳላወጣው ደግሞ የሰው ድካም የነጠቅሁ መሰለኝ። ስለዚህ ሁለታችንንም ጽፌአለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። በጥቅምት መጀመሪያ፣ ውኃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ከብቱ ሁሉ ወደ ለምለሙ ሣር በወረደበት፣ ገበሬውም ጥቁሩ አፈር ሳይሰነጠቅ ሽምብራና ጓያ ለመዝራት በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ ቁሐር ሚካኤል ላይ ማታ ደኅና የገባ በሬ ጠዋት ወድቆ መገኘት ጀመረ። የአባቴ ጎረቤት ወይዘሮ አማከለች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከሁለት በሬዎች በቀር በዚህ ዓለም የእኔ የምትለው የሌላት ሴት፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ጽሕፈት ቤታችን ድረስ መጣች። በሬዎቿን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ነው ዓመቱን የምትበላው። የእሷዎቹ ገና ደኅና መሆናቸውን፣ ሳይነካቸው እንድንደርስላት፣ እነሱ ከሞቱ ግን እሷም ሞተች ማለት መሆኑን ነገረችን። እርስዎም ወንበር አስመጥተው አስቀመጧት፤ ይህን መካድ አይገባኝም።

መድኃኒቱ የነበረው ደብረ ታቦር ነው። ክትባቱን በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጡትና የማቀዝቀዣውን ቁልፍ በኪሳቸው የሚይዙት ዶክተር አዛናው ናቸው። ዶክተር አዛናው እኔ ሳልወለድ ጀምረው ይህን ሜዳ በበቅሎ እየዞሩ ከብት ያከሙ፣ ከአባቴም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጡረታቸው ዘንድሮ የሚወጣ ሰው ናቸው። ቁሐር ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ቤት ነበር፤ «አንተ የመሪጌታ ልጅ፣ ትምህርቱስ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ወትሮ ከብት ታመመብን የሚል መልእክት በጭነት መኪና ሹፌር ከደረሳቸው፣ የክትባት ሣጥናቸውን በበረዶ ሞልተው በማግሥቱ ከተፍ ይላሉ። ማንም አዝዟቸው አያውቅም። ስለዚህ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ታዘዝሁ፤ ጉዱም ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ፤ ረቂቄን ስላረሙልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ በኋላ ቀር ልማድ ታውሬ የጻፍሁት እንዲህ ይል ነበር፦ «ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር አዛናው። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎ? እኔ የቁሐር ሚካኤሉ የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ደሳለው ነኝ፤ አሁን ወረታ በጸሐፊነት እሠራለሁ። ከብቶቻችን ማታ ደኅና ገብተው ጠዋት ወድቀው ይገኛሉ፤ ሆዳቸው ይነፋል፤ ከአፍንጫቸው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል። ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ቢመቸዎና ጤናዎ ቢፈቅድልዎ እንዲደርሱልን በትሕትና እለምናለሁ። ልጅዎ ደሳለው።»

እርስዎም ቀዩን አወጡ። «ለተከበሩ» የፊውዳል ርዝራዥ ነው ተብሎ ሄደ። «ዶክተር» ሠራተኛውን በመደብ ይከፋፍላል ተብሎ «ጓድ» ተተካበት። የወገባቸውን ነገር፣ እኛ ወጌሻ ነን ወይ ብለው ሰረዙት። የማን ልጅ እንደሆንሁ የሚናገረውንማ የዘር ቆጠራ ነው ብለው ወረቀቱ እስኪቀደድ ፋቁት። የበሽታውን ምልክት አውጥተው በቦታው «የአባ ሰንጋ ክትባት» ብለው ስሙን ራስዎ አወጡለት፤ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያከሙ ሐኪም የበሽታ ስም ከእርስዎ በመማራቸው እጅግ ሳይደሰቱ አልቀሩም። «ቢመቸዎ» የሚለው «በአስቸኳይ እንዲፈጽሙ» ሆነ። በመጨረሻም ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለፖለቲካ ጉዳዮች ክፍል» የሚል አከሉበት። ለምን ብዬ ብጠይቅዎ፣ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ጥርስ የለውም አሉኝ።

እውነትዎን ነው፤ ነከሰ።

፪ኛ፤ ሁሉን በእርስዎ ላይ ጭኜ ንጹሕ ሆኜ እንዳልወጣ፣ ከደብዳቤው ውስጥ እጅግ የከፋውን ዓረፍተ ነገር የጻፉት እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ረቂቄ ከላይ እስከ ታች ቀይ ለብሶ ሲመለስልኝ አፈርሁ፤ ይህ የቄስ ልጅ ገና አልነቃም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በዚያው ሰሞን ለስልጠና ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ይላካል የሚል ወሬም ነበር። በታይፕ ስመታው ታዲያ ማንም ሳያዘኝ፣ ከራሴ አፍልቄ፣ «ይህ ሳይፈጸም ቢቀር በኢኮኖሚ አሻጥር የሚያስጠይቅዎ መሆኑን እናስታውቃለን» የሚል ጨመርሁበት። እርስዎም አንብበው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና አሁን ገና ሰው ሆንህ አሉኝ። ደስ አለኝ። ማን ይሙት፣ ደስ አለኝ! ያን ዕለት ራቴን በላሁ፣ እንቅልፌንም ተኛሁ። ቤታችን ገብተው ለተመገቡ፣ በአባቴ ፊት «ይህ ልጅ ይማር» ብለው ለመሰከሩልኝ ሽማግሌ ያንን የጻፍሁት ይኸው በዚህ እጄ ነው። አሁን ነገሩ በመጣብኝ ቁጥር ፊቴን የማስገባበት አጣለሁ።

፫ኛ፤ ጓድ ሸዋዓለም፣ ሽማግሌ ሰው ደብዳቤ እንዴት እንደሚያነብ አስተውለው ያውቁ ይሆን? መነጽሩን ካደረገ በኋላ መጀመሪያ የሚያየው ራስጌውን ነው። ለዚህ ጸሐፊ እኔ ማን ነኝ? ያንን ራስጌው ይነግረዋል። ቀጥሎ ወደ ጉዳዩ አይሄድም፤ ወደ ግርጌው ይወርዳል። የጻፈልኝ ማን ነው፣ ከእኔስ ሌላ ይህን የሚያነበው ማን ነው? ያንን ደግሞ ግርጌው ይነግረዋል። መካከሉን የሚያነበው እነዚህን ሁለቱን ካወቀ በኋላ ነው፤ ያነበበውንም የሚተረጉመው በእነሱ ነው። እርስዎ ወረቀት ማባከን ነው ያሉት ሰላምታ ለሽማግሌው አይዞዎት፣ ይህ ከቤት የመጣ ነው የሚል ቃል ነው። ያ ቃል ከሌለ ከሌላ ቦታ መምጣቱ ነዋ!

እንግዲህ ደብዳቤያችን ደብረ ታቦር ደረሰ። ዶክተር አዛናው ራስጌውን ቢያዩ ሙያቸውም፣ ዕድሜያቸውም፣ እኛ ቤት የበሉት እንጀራም የለበትም፤ «ለጓድ አዛናው» ይላል። ግርጌውን ቢያዩ የሚያውቁት ልጅ የለም፤ ማኅተምና ፖለቲካ ጉዳዮች አለ። መካከሉን ቢያዩ አሻጥር የምትለዋን ቃል አገኙ። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ እርስዎም እኔም በምናውቀው ዘመን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አብሯቸው ይሠራ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶት፣ ሲጠራ ሄዶ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይህን የነገሩኝ አንበሳሜ ያሉት እኅታቸው እትዬ እናኑ ናቸው። ዶክተሩ ክትባት ጠየቁኝ ብለው ከቶ አላሰቡም፤ ሊወስዱኝ ነው ብለው ነው ያሰቡት። ማቀዝቀዣውን ቆለፉ፤ ማንም ገብቶ መድኃኒቱን አበላሽቶ በእኔ እንዳያሳብብ ብለው ቁልፉን በኪሳቸው ከተቱ፤ በወገብ ሕመም ፈቃድ ጠየቁ፤ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ደርበው፣ ጋቢያቸውን ይዘው፣ ሙያ ባስተማርኋቸው ልጆች ፊት ታስሬ ከምወሰድ ከእኅቴ ቤት ይውሰዱኝ ብለው አንበሳሜ ገቡ። በሩን እያዩ ተቀመጡ።

ለደብዳቤያችን ጥራት እንኳን ደስ ያለዎ። አንድ ወረቀት ሰውዬውንም፣ ቁልፉንም፣ መድኃኒቱንም ባንድ ጊዜ ከእኛ አራቀልን።

፬ኛ፤ እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም። ወይዘሮ አማከለች በየጠዋቱ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ከሚገናኝበት ላይ ቆማ የጭነት መኪናዎቹን ታያለች፤ ሽማግሌው አይወርዱም። እርስዎ ዝምታቸውን የአድኃሪ መልስ ነው ብለው ተረጎሙልን። እኔ ግን ሆዴ ያውቀው ነበርና ከእርስዎ ተደብቄ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። እዚህ ላይ እርስዎ የሉበትም፤ ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነውና አይቀራመቱኝ።

«የአባቶች ሁሉ አባት፣ የሙያችን ፀሐይ፣ የፎገራ ከብት አለኝታ፣ አባቴ ሆይ» ብዬ ጀመርሁ። አባቴ ሆይ! ተወልጄ እስካድግ እንዲህ ብያቸው አላውቅም። ገጹን ሙሉ ሰላምታ አደረግሁት፤ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ በቅሏቸው ሁሉ ጠየቅሁ፤ በቅሎዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። ስለ ፊተኛው ደብዳቤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። በመጨረሻም ወረታ ብቅ ይበሉና እጅዎን ልሳም ብዬ ለመንሁ። ወጥ አልጣፈጠም ተብሎ የጨው ዕቃው ሲደፋበት እንደዚያ ማለት ነው። ደብዳቤውን የያዘው የጭነት መኪና ሹፌር ደብረ ታቦር ሲያጣቸው ተከታትሎ አንበሳሜ ድረስ አደረሰላቸው። እትዬ እናኑ እንዳሉኝ፣ ከመጀመሪያው ወዲህ በሩን እያዩ ነበር የሚውሉት፤ ይህኛውን ሲያነቡ ግን በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። ትናንት ያስፈራራ ሰው ዛሬ ማር ሲያዘንብ፣ የትናንቱንም እንዳልተፈጠረ ሲያልፈው፣ ሊይዙኝ ነው የሚያባብሉኝ ከማለት በቀር ምን ይበሉ? አቀርባለሁ ብዬ አራቅኋቸው። ሹፌሩ ሲመለስ ግን አንድ ነገር አተረፈልኝ፤ ያሉበትን ነገረኝ።

፭ኛ፤ በዚያው ሳምንት የወይዘሮ አማከለች አንደኛው በሬ ሞተ። በማግሥቱ ሁለተኛው። ሥጋውን የሚነካ፣ ቆዳውን የሚገፍፍ እንዳይኖር አባቴ አስጠንቅቆ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው። እሷም መጥታ ከጽሕፈት ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም፤ ያሳረሰችው መሬት ዘር ሳይገባበት መድረቁን ብቻ ነገረችኝ። እርስዎም ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን እንድገልጽላት አዘዙኝ፤ ገለጽሁላት።

፮ኛ፤ አሁን የተከሰስሁበት ነገር ደረሰ። ያለ ፈቃድ መጀመሪያ የሄድሁት አንበሳሜ ሳይሆን ቁሐር፣ አባቴ ዘንድ ነው። ሁሉንም ነገርሁት፤ የአሻጥሯን ዓረፍተ ነገር ጭምር። አባቴ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ቁጡ ሰው ነው፤ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ በተሻለኝ። እሱ ግን ለእሳቸው አንተ ምናቸው ነህ ብሎ ጠየቀኝ። ጓዳቸው ነኝ ልል አልደፈርሁም፤ ልጃቸው ነኝ ልልም አፈርሁ። እንግዲያው ከሆንኸው ቦታ ቆመህ ጻፍ አለኝ፤ ቤታቸው ያህል የገቡበት ቤት ልጅ ነህ፤ በኋላም የበደልሃቸው ጸሐፊ ነህ፤ ከዚያ አትውጣ፣ ከዚያም አትውረድ።

አብረን ቁጭ ብለን ቃል በቃል መረጥን። «ክቡር» ይሁን ብል፣ ያ ለሹም ነው፣ ያሾፍህባቸው ይመስላቸዋል አለኝ። ገበሬው እንደሚላቸው «አያ አዛናው» ልበል ብል፣ ያንን የሚለው በሬውን ያዳኑለት ሰው ነው፣ አንተ ደግሞ አስፈራርተሃቸው መጥተህ ልትዛመድ ነው ወይ አለኝ። «ዶክተር» የደከሙበት ስማቸው ነው፤ የነጠቅሃቸውን መልስላቸው አለኝ። ስንገናኝ አንቱ የምላቸውን ያህል በጽሑፉ እርስዎ እንድል፣ ሰላምታው አጭር ሆኖ በእውነት ማወቅ የምፈልገውን ብቻ እንድጠይቅ፣ ጥፋቴን በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ እንጂ በመጨረሻው እንዳላደርግ፣ አለቃዬ አዞኝ ነው እንዳልል፣ በሽታውን ስም እንዳላወጣለት፣ አልመጣም ለማለትም መንገድ እንድተውላቸው ነገረኝ። እምቢ ማለት የማይቻልበት ልመና ትእዛዝ ነው አለኝ። እንዲህም ሆነ፦

«ይድረስ ለዶክተር አዛናው። እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ ተሻለዎ ወይ? በፊተኛው ደብዳቤ በአሻጥር ይጠየቃሉ የሚለውን የጻፍሁት እኔ የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ደሳለው ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ውሸትም ነው። ሁለተኛውን የጻፍሁትም ጥፋቴን ለመሸፈን ነበር። የሚፈልግዎ የከብቱ ሕመም ብቻ ነው። ቁሐር ላይ ማታ ደኅና የገባ ከብት ጠዋት ይወድቃል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ከአፍንጫው የሚወርደው ደም ጥቁር ነው፣ አይረጋም። የቀረው ከብት ገና ደኅና ነው። ሊመጡልን ቢችሉ እናመሰግናለን፤ ባይችሉም ይገባናል፤ ቁልፉን ለሚያምኑት ሰው ቢሰጡልንም ይበቃናል። ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በቀር የሚያነበው የለም። ደሳለው።»

በፖስታም በሹፌርም አልላክሁትም። እስከ ሐሙሲት በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄጄ ለእትዬ እናኑ በሁለት እጄ ሰጠሁና ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አባቴ፣ ሰው ደብዳቤህን ሲያነብ ፊቱን አትይ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ይህም ጥፋት ከሆነ ይጻፍብኝ። ራስጌውን አዩ። ግርጌውን አዩ። ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው ግልባጭ እንዳለበት ፈለጉ። ከዚያ ነው መካከሉን ያነበቡት። ሲጨርሱ ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ። የወደቀው ከብት የት እንደተቀበረ፣ የቀረው የት ውኃ እንደሚጠጣ ጠየቁኝ፤ ሌላ አልጠየቁኝም። በዚያው ደብረ ታቦር ሄደን ማቀዝቀዣውን ከፈቱ፤ ቁሐር ወርደው በዚያ ወገባቸው ጎንበስ እንዳሉ መንጋውን በሙሉ ከተቡ። የሚሞተው ከብት እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። በሪፖርትዎ ላይ «በጽሕፈት ቤቱ ፈጣን ርምጃ» የተባለው ይህ ነው።

መልካም ፍጻሜ ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። ሲሄዱ ሣጥናቸውን ተሸክሜ እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። ወትሮ ስንለያይ ጎንበስ ስል አናቴን ይዘው ይስሙኝና «በል አንተ፣ አባትህን እንዳታስቀይም» ይሉኝ ነበር። ጎንበስ አልሁ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እንደ ባለሥልጣን ጨበጡኝ። ይቅር ይበሉኝ ዶክተር አልኋቸው። «ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጓድ ደሳለው» አሉኝ፤ «እርስዎም ሥራዎ ነው።» በአባቴ ቤት ውኃ ያቀበልኋቸው እኔ፣ አንተ ከማለት በቀር ጠርተውኝ የማያውቁት እኔ፣ እርስዎ ተባልሁ። ተቆጥተው ወይም አሹፈው ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ዓይናቸውን አየሁት፤ ቁጣ የለበትም። ፈርተውኛል፣ ጓድ ሸዋዓለም። ያ ሽማግሌ እኔን ፈርቶኛል።

፯ኛ፤ ስለዚህ የማቀርብልዎ ልመና አንድ ነው፤ እምቢ ማለትም ይችላሉ፣ መንገዱ ክፍት ነው። የላክነው ግልባጭ እስካሁን ፖለቲካ ጉዳዮች ክፍል ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። የዶክተር አዛናው ጡረታ ዘንድሮ ነው፤ አንድ ቀን አንዱ ፋይሉን ሲገልጥ አሻጥር የምትለዋን ቃል ከስማቸው ጋር ያገኛታል። ክሱ ሐሰት መሆኑን፣ የጻፈውም ጸሐፊው ደሳለው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አዘጋጅቼ በጠረጴዛዎ ላይ አኑሬአለሁ፤ የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ነው። አሻጥረኛ የግድ ከተፈለገ ስሜ ከዚህ በታች አለ፤ ቅዳሜም የትም አልሄድም፣ ከአዳራሹ በር ላይ ያገኙኛል። የስልጠናውን ነገር ለሌላ ሰው እንዲያደርጉልኝም በዚሁ አሳስባለሁ።

ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ስላነበቡልኝ፣ ያለ ሰላምታ መጻፍን ስላስተማሩኝ፣ የአንድ ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደሆነም በሰው በሬና በሰው ሽማግሌ ስላሳዩኝ ውለታዎ አይረሳኝም። በሄዱበት ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አስቀድሞ ጤናዎን የሚጠይቅ እንዲሆን፣ እርጅናዎም እኔን ከመሰለ ጸሐፊ እንዲጠበቅ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ለስንብት ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በሥራዎ የተባበርሁ፣ በጥፋቱም ያልተለየሁ ጸሐፊዎ፣
ደሳለው ኃይለ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ የመንጋው ሞት በቆመ ሰሞን ወይዘሮ አማከለች ስለ ጎረቤቶቿ ከብት ልታመሰግንዎ ቢሮዎ ገብታ ነበር። የራሷ በሬዎች ከተቀበሩ ሰንብተዋል። እግርዎ ላይ ወድቃ «ጌታዬ፣ የኔ ጌታ፣ አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» እያለች ጉልበትዎን ስትስም በሩ ክፍት ስለነበር አየሁ። የፊውዳል ርዝራዥ ነው ብለው ሳያቋርጧት፣ ጓድ በይኝም ሳይሏት፣ መርቃ እስክትጨርስ ድረስ ፈገግ ብለው ቆመው ጠበቋት።